ሰኞ የሚከፈለው ገንዘብ ለምን ቀረ? በአንዲት የስካርፍ ነጋዴ ላይ የደረሰ የክፍያ መዘግየት

ይህ የጉዳይ ጥናት በ2024 መጨረሻ ላይ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት የሚኖሩ አንዲት ወይዘሮ በኦንላይን ገበያ ከሸጡት ዕቃ የሚደርሳቸው ገንዘብ ለሳምንታት ሲዘገይባቸው የሆነውን ይዘረዝራል። እኔ የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሂሳብ በመያዝ እተዳደራለሁ፤ ወይዘሮዋ ደግሞ የሰፈር ሰው በመሆናቸው ጉዳዩን ከመሃሉ ጀምሮ አብሬያቸው ተከታትያለሁ። ስማቸውንም ሆነ የገበያውን ስም አልጠቅስም። ቀኖቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ያስቀመጥኩት የክፍያ ሰሌዳው ራሱ የሚነበበው በዚያ ስለሆነ ነው።

ወይዘሮዋ የሚሸጡት በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በእጅ የሚሠራ የጥጥ ስካርፍ ነው። ሱቃቸውን በፌብሩዋሪ 2024 የከፈቱ ሲሆን፣ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ድረስ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ስካርፍ፣ በድምሩ 130 ያህል ሸጠዋል። አንዱ ስካርፍ የመላኪያውን ዋጋ ጨምሮ 60 ዶላር ያወጣል። የክፍያ ሰሌዳቸው ሳምንታዊ ነበር፤ ገበያው በየሳምንቱ ሰኞ እስከ እሑድ እኩለ ሌሊት ድረስ ለክፍያ ዝግጁ የሆነውን ገንዘብ ይልካል፣ ገንዘቡም በሁለት የባንክ የሥራ ቀናት ውስጥ ይደርሳል። ስምንት ወር ሙሉ ይህ አንድም ጊዜ ሳይዛነፍ በመሠራቱ፣ ወይዘሮዋ «ሳምንታዊ» የሚለውን ቃል «የሳምንቱ ሽያጭ በሙሉ ሰኞ ይከፈላል» ብለው ተርጉመውት ነበር። ኋላ ለደረሰው ግራ መጋባት መነሻው ይህ ትርጉም ነው። ሰሌዳው የሚናገረው ገንዘቡ ስለሚላክበት ቀን ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን ምን ያህል ገንዘብ ሊላክ የተፈቀደ እንደሚሆን ግን የሚወስነው ሌላ ደንብ ነው።

በኖቬምበር መጀመሪያ የበዓል ገበያው ሲከፈት ሽያጩ በድንገት ዘለለ። ከኖቬምበር 4 እስከ 10 ባለው አንድ ሳምንት ብቻ 48 ስካርፍ ተሸጠ። ይህም 2,880 ዶላር ነው፤ ከዚያ ላይ የገበያው ኮሚሽንና የክፍያ ማስተናገጃ 10 በመቶ፣ ማለትም 288 ዶላር ይነሳል። ከ48ቱ ውስጥ ለ30ዎቹ የፖስታ ሌብሉን የገዙት በገበያው ገጽ ላይ ሆኖ እያንዳንዱ 6 ዶላር ከሂሳባቸው ስለተቆረጠ ሌላ 180 ዶላር ይቀነሳል። የቀሩትን 18 እሽጎች ቀለም ያለቀበት ማተሚያቸው አላተም ስላላቸው ፖስታ ቤት ሄደው ከኪሳቸው ከፍለው ላኩ። ስለዚህ ወይዘሮዋ ሲጠብቁ የነበሩት 2,412 ዶላር ነው። ከዚህም ላይ ለሸማኔዎቹ ለገና ትዕዛዝ የሚሆን የድርና የማግ መግዣ ቀብድ ለመላክ ቃል ገብተው ነበር።

ሰኞ ኖቬምበር 11 ምንም አልተላከም። ይህ የመጀመሪያው መዘግየት ከሌሎቹ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ዕለቱ በአሜሪካ የአርበኞች ቀን በመሆኑ ባንኮች ዝግ ነበሩ። ገንዘቡ ማክሰኞ ተልኮ ሐሙስ ኖቬምበር 14 ደረሰ። የደረሰው ግን 252 ዶላር ነበር።

የጎደለው 2,160 ዶላር የት እንደገባ ለመረዳት፣ ኖቬምበር 4 ቀን ጠዋት ወደ ሱቃቸው ገጽ የገባውንና ወይዘሮዋ ሳያነቡ ያለፉትን ማስታወቂያ ማየት ያስፈልጋል። ማስታወቂያው ከዚያ ዕለት ጀምሮ በሱቁ ላይ መያዣ እንደተጣለ ይገልጻል። መያዣ ማለት ሽያጩ የተፈጸመና ገንዘቡም የሻጩ ሆኖ ሳለ፣ ከፊሉ ለተወሰነ ጊዜ በገበያው እጅ የሚቆይበት አሠራር ነው። የዚህኛው ደንብ ሦስት ነገሮችን ይል ነበር። ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ ዋጋ 75 በመቶው ይያዛል። የተያዘው የሚለቀቀው ዕቃው በመከታተያ ቁጥር መድረሱ ከተረጋገጠ ሰባት ቀን በኋላ ነው፤ መከታተያ ቁጥር ከሌለው ግን ከሽያጩ ቀን ጀምሮ 45 ቀን ሲሞላው ነው። መያዣው ራሱ ከ90 ቀን በኋላ ይነሣ ወይስ ይቀጥል ተብሎ ይመረመራል።

ወይዘሮዋ መጀመሪያ ያሉኝ «ወንድሜ፣ ምን አጥፍቼ ነው የቀጡኝ?» ነበር። ያጠፉት ነገር የለም፤ ይህን ማለት ያለብኝ እርሳቸውን ለማጽናናት ብዬ አይደለም፣ መያዣው የተጣለበትን ምክንያት አለማወቅ ወደ ተሳሳተ እርምጃ ስለሚገፋ ነው። ገዢው ዕቃው ካልደረሰው ወይም ተበላሽቶ ከደረሰው ገበያው ገንዘቡን ይመልስለታል፤ ገዢው በካርዱ ባንክ በኩልም ክፍያውን ሊያስመልስ ይችላል። ሻጩ ገንዘቡን ወስዶ ሱቁን ዘግቶ ከጠፋ ኪሳራው የገበያው ነው። በሳምንት አራት ስካርፍ ይሸጥ የነበረ ሱቅ በድንገት 48 ሲሸጥ፣ ከሩቅ ለሚያየው የገበያው ሥርዓት የመልካም ነጋዴ እድገትና የአጭበርባሪ የመጨረሻ ሳምንት አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ልዩነቱን የሚያሳየው ዕቃው በእርግጥ መድረሱ ብቻ ነው፤ መያዣው ከመድረሻው ቀን ጋር የተሳሰረውም ለዚህ ነው። አማዞንም ለብዙ ሻጮች የሚሠራበት አጠባበቅ በዚሁ መንገድ ከመድረሻው ቀን በኋላ ሰባት ቀን የሚቆጥር ነው። ስለዚህ በዚህ ዓይነት መያዣ ውስጥ ሻጩ በእጁ ያለው ማፋጠኛ አቤቱታ ሳይሆን የመከታተያ ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሻጮች የማያስተውሉት አንድ የሂሳብ ጉዳይ አለ፣ እኔም በወረቀት ላይ አስቀምጬ እስካየው ድረስ ክብደቱ አልታየኝም ነበር። 75 በመቶው የሚሰላው ከጠቅላላው ዋጋ ላይ ነው እንጂ ወጪ ተቀንሶ ከሚቀረው ላይ አይደለም። ወጪው በሙሉ የሚነሣው ደግሞ ነጻ ከሆነው 25 በመቶ ላይ ነው። አንዱን ስካርፍ እንውሰድ፦ ከ60 ዶላሩ 45 ይያዛል፣ 15 ነጻ ይሆናል። ከ15ቱ ላይ 6 ዶላር ኮሚሽን፣ 6 ዶላር የፖስታ ሌብል ሲነሣ በሻጩ እጅ የሚገባው 3 ዶላር ነው። ወይዘሮዋ «75 በመቶ ቢያዝ እንኳ ሩቡ ይደርሰኛል» ብለው ቢያስቡ ኖሮም ይሳሳቱ ነበር፤ ለጊዜው የሚደርሳቸው ከዋጋው አንድ ሃያኛው ነው። በዚያ ሳምንት 252 ዶላር ሊደርሳቸው የቻለው 18ቱን ሌብሎች ከኪሳቸው በመክፈላቸው እንጂ ሁሉንም በገጹ ቢገዙ ኖሮ 144 ዶላር ብቻ ነበር። ሻጩ በገበያው ላይ ማስታወቂያ የሚያሠራ ቢሆን ደግሞ ነጻው ክፍል ከዜሮ በታች ሊወርድና ገበያው ከሻጩ ካርድ ሊቆርጥ ይችላል፤ ዕቃው እየተሸጠ ሻጩ ዕዳ ውስጥ የሚገባበት ሁኔታ የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል ነበር። ቅዳሜ ኖቬምበር 16 ግን ሌላ፣ ከመያዣው ፈጽሞ የተለየ ጉዳይ ተደረበበት። በዚያ ቀን የሱቁ ሽያጭ 200 ሞላ። በአሜሪካ ከጁን 27 ቀን 2023 ጀምሮ የጸናው «ኢንፎርም ኮንሱመርስ አክት» የተባለው ሕግ፣ ባለፉት 24 ወራት ውስጥ በሚገኝ ተከታታይ የ12 ወር ጊዜ 200 ወይም ከዚያ በላይ አዲስ ዕቃ የሸጠንና ከዚያም 5,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ያስገባን ሻጭ ብዙ የሚሸጥ ሻጭ ብሎ ይመድበዋል። ሁለቱ መስፈርቶች አብረው መሟላት አለባቸው። የወይዘሮዋ ገቢ 5,000ውን ካለፈ ቆይቶ ነበር፤ የጎደለው የሽያጩ ብዛት ነበር፣ እርሱም በዚያ ቅዳሜ ሞላ። ገበያው እንዲህ ካለው ሻጭ የባንክ ሂሳቡን፣ የግብር መለያ ቁጥሩን፣ የሚሠራ ኢሜይልና ስልኩን እንዲሁም ማንነቱን የሚያሳይ መረጃ ሰብስቦ ማረጋገጥ በሕግ ይገደዳል፤ ሻጩ ተነግሮት በ10 ቀን ውስጥ ካልሰጠም ከዚያ በኋላ እንዳይሸጥ ማገድ አለበት። ሕጉ የሚያዝዘው ሽያጭን ማገድ ነው። ማረጋገጫው እስኪያልቅ ድረስ የተጠራቀመ ክፍያን አለመላክ ግን የዚህ ገበያ የራሱ ደንብ ነበር፣ ያም የሚጀምረው ጥያቄው ከተላከበት ቀን አንሥቶ ነው እንጂ 10 ቀኑ ሲያልፍ አይደለም።

ጥያቄው በኢሜይል መጣ። ወይዘሮዋ የባንክ ሂሳብና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሚጠይቅ ኢሜይል ሲያዩ የአጭበርባሪ ሥራ መስሏቸው አጠፉት። በኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ሊንክ አለመጫናቸው ትክክል ነው፣ አሁንም ቢሆን እንዲያው እንዲያደርጉ እመክራለሁ። የቀረው እርምጃ ግን የገበያውን አድራሻ ራሳቸው ጽፈው ወደ ሱቃቸው ገብተው ያው ጥያቄ እዚያ ውስጥ መኖሩን ማየት ነበር። እውነተኛ የማረጋገጫ ጥያቄ ሁልጊዜም በሱቁ ገጽ ውስጥ ይገኛል፤ እዚያ ከሌለ ነው ኢሜይሉ ሐሰተኛ የሚሆነው።

ሰኞ ኖቬምበር 18 ምንም ክፍያ አልተላከም። ወይዘሮዋም ችግሩ ከባንካቸው ነው ብለው ደምድመው፣ በማግስቱ ማክሰኞ የክፍያ መቀበያውን ወደ ባለቤታቸው የባንክ ሂሳብ ቀየሩት። ከተደረጉት ስህተቶች ሁሉ ብዙ ቀን ያስከፈለው ይህ ነው። አንደኛ፣ የመቀበያ ሂሳብ በተቀየረ ቁጥር ገበያው የሻጩን ሱቅ ሌላ ሰው ሰብሮ ገብቶበት እንዳይሆን በመስጋት ለአምስት ቀን ማንኛውንም ክፍያ ያቆማል። ሁለተኛ፣ በእኛ አገር ልማድ ሚስት በአባቷ ስም እንጂ በባሏ ስም ስለማትጠራ፣ የባልና የሚስት መታወቂያ በስም አይገናኝም። ለእኛ ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ ሰነድ ለሚያነጻጽረው ሠራተኛ ግን የሱቁ ባለቤት አንዲት ሴት፣ ገንዘቡ የሚገባበት ሂሳብ ደግሞ ምንም ዝምድና የማይታይበት የሌላ ሰው ነው።

ወደ እኔ የመጡት ቅዳሜ ኖቬምበር 23 ነው። «እትዬ፣ መጀመሪያ ገጹን አብረን እንየው» ብዬ የሂሳቡን ገጽ ከፈትን። እንዲህ ያለ ገጽ ስሙ ከገበያ ወደ ገበያ ቢለያይም በመሠረቱ ገንዘቡን በሦስት መስመር ከፍሎ ያሳያል፤ በእርሳቸው ገጽ ላይ Reserved፣ Available እና In transit ይሉ ነበር። የመጀመሪያው የተያዘው ነው። ሁለተኛው ከመያዣ ወጥቶ በሚቀጥለው የክፍያ ቀን ሊላክ የሚችለው ነው። ሦስተኛው ከገበያው ወጥቶ ወደ ባንክ በመጓዝ ላይ ያለው ነው። ወይዘሮዋ ሲመለከቱ የነበሩት ከሁሉም በላይ በትልቁ የተጻፈውን ድምር ብቻ ነበር፤ ድምሩ ግን ገንዘቡ የእርሳቸው መሆኑን እንጂ መቼ እንደሚደርሳቸው አይናገርም።

የመዘግየቱን ምክንያት የሚለየው ገንዘቡ ከሦስቱ በየትኛው መስመር ላይ ቆሞ እንደሚገኝ ነው። በመጀመሪያው መስመር ላይ ከቆመ ጉዳዩ የመያዣ ነው፣ መልሱም በየትዕዛዙ የመድረሻ ቀን ውስጥ ይገኛል። በሁለተኛው መስመር ላይ ተቀምጦ የክፍያ ቀን መጥቶ ካለፈ ግን መያዣው ጨርሶ ተጠያቂ አይደለም፤ የቆመው ክፍያው ራሱ ነው፣ ምክንያቱም ማረጋገጫ ወይም የባንክ ሂሳብ ለውጥ ነው። በሦስተኛው መስመር ላይ ሁለት ሦስት የሥራ ቀን ካለፈው ብቻ ነው ባንክን መጠየቅ የሚገባው። በዚያ ቅዳሜ ከ48ቱ ትዕዛዞች ውስጥ የ24ቱ መያዣ ተለቅቆ 1,080 ዶላር ወደ ሁለተኛው መስመር ተሻግሮ ነበር። ይኸው ገንዘብ መኖሩ፣ ሦስተኛው መስመር ደግሞ ዜሮ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ችግሮች እንዳሉ ወዲያው አሳየን። ሊያሳስት የሚችለው ነገር፣ ገጹ በዚያን ጊዜም ቢሆን «ቀጣይ ክፍያ፦ ሰኞ» እያለ መቀጠሉ ነው። ሰሌዳው ቀኑን ይቆጥራል እንጂ ክፍያው መታገዱን አያውቅም፤ እገዳው የተጻፈው በሌላ ገጽ፣ የሱቁ መረጃ በሚሞላበት ቦታ ነበር።

በዚያው ዕለት መታወቂያና የባንክ ሂሳብ መግለጫ ላክን። ሰኞ ኖቬምበር 25 ውድቅ ሆኖ ተመለሰ። የባለቤታቸውን የባንክ ሂሳብ ጉዳይ ጠብቄው ነበር፤ ያልጠበቅሁት ሁለተኛው ምክንያት ነው። ወይዘሮዋ ሱቁን ሲከፍቱ በስማቸውና በአባታቸው ስም ተመዝግበዋል። የአሜሪካ መታወቂያቸውና የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገባቸው ግን የአያታቸውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም፣ የአባታቸውን ስም እንደ መሃል ስም ይዟል፤ ከፓስፖርታችን ሦስት ስም ወደዚህ አገር ቅጽ ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። ስለዚህ በሱቁ ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ የተጻፈው በመንግሥት መዝገብ ላይ የመሃል ስም ነው። ማክሰኞ ኖቬምበር 26፣ የ10 ቀኑ የመጨረሻ ዕለት፣ ስሙን በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል አስተካክለን፣ የመቀበያውን ሂሳብ ወደ ራሳቸው መልሰን፣ የባንኩንም መግለጫ ከስልክ በተነሣ ፎቶ ፋንታ ከባንኩ ድረ ገጽ በወረደ ሙሉ ፒዲኤፍ ተክተን እንደገና ላክን። የሱቁ የንግድ ስም አልተነካም፤ ገዢ የሚያየው ስምና ገበያው የሚያረጋግጠው ሕጋዊ ስም የተለያዩ መስኮች ናቸው።

መልሱን ስንጠብቅ ወደ መያዣው ተመለስን። በፖስታ ቤት የተላኩት 18 እሽጎች በገጹ ላይ «ተልኳል» ተብለው ምልክት የተደረገባቸው ቢሆንም የመከታተያ ቁጥር አልተሞላላቸውም። ለገበያው ይህ ያልተላከ ያህል ነው፤ ስለዚህ መያዣቸው 45 ቀን ቆጥሮ ከዲሴምበር 19 እስከ 25 ድረስ ሊቆይ ነበር። ቁጥሩ ግን ጠፍቶ አይደለም፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ላይ ታትሞ ይገኛል። ወይዘሮዋ ቦርሳቸውንና የመኪናቸውን መሳቢያ ፈትሸው የ13ቱን ደረሰኝ አገኙ። ቁጥሮቹን ከገዢዎቹ አድራሻ ጋር አመሳክረን ወደየትዕዛዛቸው አስገባን፤ አንዱን ቁጥር በስህተት ሌላ ትዕዛዝ ላይ መጻፍ ዕቃው ወደ ሌላ ከተማ እንደሄደ ስለሚያስቆጥር ማመሳከሩ የማይታለፍ ነው። አብዛኞቹ ከደረሱ ሰባት ቀን አልፏቸው ስለነበር 585 ዶላሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመያዣ ወጣ። የአምስቱ ደረሰኝ አልተገኘም።

ማረጋገጫው ሰኞ ዲሴምበር 2 ከሰዓት በኋላ ጸደቀ። ወይዘሮዋ ያን ቀን ገንዘቡ ይላካል ብለው ነበር፤ የዚያ ሰኞ ክፍያ ግን ጠዋት ተዘጋጅቶ አልፏል። መጽደቅ መንገዱን ይከፍታል እንጂ የራሱ የክፍያ ቀን የለውም፤ ገንዘቡ ቀጣዩን ሰኞ መጠበቅ አለበት። ዲሴምበር 9 ተልኮ ዲሴምበር 11 ደረሰ። ከ48ቱ ትዕዛዞች ድርሻ 1,935 ዶላር በውስጡ ነበር፦ በገጹ ከተላኩት 30ዎቹ 1,350፣ ደረሰኛቸው ከተገኘው 13ቱ 585። ለሸማኔዎቹ የሚላከው ቀብድ በዚያው ሳምንት ተላከ፤ በተባለው ጊዜ አልነበረም፣ አንዱ ሸማኔም ሌላ ሥራ ይዞ ስለቆየ የገናው ትዕዛዝ በከፊል ብቻ ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮዋ በደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ የመድረሻውን ቀን፣ በእርሱ ላይ ሰባት የተጨመረበትን ቀን፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰኞና ገንዘቡ ባንክ የሚገባበትን ቀን ይጽፋሉ። ለምሳሌ ማክሰኞ ዲሴምበር 10 ተሽጦ ቅዳሜ ዲሴምበር 14 የደረሰ ስካርፍ ዲሴምበር 21 ከመያዣ ይወጣል፣ ሰኞ ዲሴምበር 23 ይላካል፣ መሃል ላይ የፈረንጆች ገና ስላለ ሐሙስ ዲሴምበር 26 ይደርሳል። ዕቃው የደረሰው ሰኞ ዲሴምበር 16 ቢሆን ግን ከመያዣ የሚወጣው በዲሴምበር 23 በመሆኑና የዚያ ሰኞ ክፍያ እስከ እሑድ እኩለ ሌሊት ያለውን ብቻ ስለሚያካትት፣ የሁለት ቀን ልዩነት አንድ ሳምንት ሙሉ ይሆናል። ስለዚህ አሁን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ትዕዛዝ አጠራቅመው ከመላክ ይልቅ በየዕለቱ ይልካሉ፤ ፖስታ ቤት የሄዱ እንደሆነም ደረሰኙን ከመስኮቱ ሳይርቁ በስልካቸው ያነሡታል።

ደረሰኝ ያልተገኘላቸው አምስቱ 45 ቀናቸውን ጠበቁ። የሦስቱ 135 ዶላር በዲሴምበር 23 ክፍያ ውስጥ ተካተተ፤ የሁለቱ 90 ዶላር ዲሴምበር 30 ተልኮ የአዲስ ዓመቱ በዓል ካለፈ በኋላ ጃንዋሪ 2 ቀን 2025 ባንክ ገባ፤ ከኖቬምበር 4 እስከ 10 ከሸጡት የጠበቁት 2,412 ዶላርም በዚያ ቀን ሞላ።